ለእኔ አሁንም ሦስት ሰዓት ነው

ማክሰኞ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አስተባባሪዋ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሳምንቱን ሥራ ዝርዝር እያነበበች ሳለ፣ ስክሪኑ ላይ ከነበሩት አስራ አምስት ፊቶች አንዱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። የሶፍትዌሩን ስህተት የምትፈትሸው፣ ፈታሿ ነበረች። ግንባሯን ክንዷ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ማይክሮፎኗን ስላልዘጋችው ትንፋሿ ይሰማል።

አለቃው በሳቅ ፈነዳ። የስክሪኑን ፎቶ አነሳና እዚያው የመሥሪያ ቤቱ የጋራ ገጽ ላይ ለጠፈው፤ ከሥሩም «የወሩ ትጉህ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። የሳቅ ምልክቶች እንደ ዝናብ ወረዱ። አስተባባሪዋም ጣቷ ቀደማትና አንድ ጨመረች።

ወዲያው ሰዓቱ ትዝ አላት። ፈታሿ ባለችበት አገር እኮ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይሠራል። ሦስት ቢሮ አለው። አለቃው ያለበት የምዕራቡ ቢሮ ዘጠኝ ሠራተኛ፣ አስተባባሪዋ ያለችበት የመሀሉ አራት፣ ፈታሿ ያለችበት የምሥራቁ ሁለት ነው። የምሥራቁ ቢሮ ከመሀሉ ስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ የምዕራቡ ደግሞ ከመሀሉ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱ ጫፎች መካከል አስራ አምስት ሰዓት አለ። ሦስቱም በአንድ ላይ በሥራ ሰዓታቸው የሚገናኙባት ደቂቃ የለችም።

ምዕራቦቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሌሎቹ ግን አይነኩትም። በሞቃቱ ወራት የፈታሿ ስብሰባ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ባለፈው ወር ምዕራቦቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልሱ የእሷ ወደ ስድስት ሰዓት ተገፋ፤ የማክሰኞው ስብሰባ ለእሷ ረቡዕ ሆነ። አስተባባሪዋ ይህን ለአለቃው ስትነግረው እንዲህ ነበር ያላት፦

«እኔ ምን ቀየርኩ? ለእኔ አሁንም ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።»

ያን ዕለት መጥሪያውን እንደ ነበረ ላከችው።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለፈታሿ ደወለች፤ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«የትናንቱን ፎቶ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔም ስቄያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ያንንም አይቻለሁ፣ እህቴ። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ አጥባታለሁ፣ ከዚያ ሥራ እገባለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ‹እዚያ ስንት ሰዓት ነው› ብሎኝ አያውቅም። አንቺም ጭምር።»

አስተባባሪዋ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ እንደ ፍም ይግል ነበር።

ያለፈውን ዓመት የስብሰባ መዝገብ አወጣች። አርባ ስድስት ስብሰባ ተደርጓል። በአርባ ስድስቱም የሌሊቱን ሸክም የተሸከመው የምሥራቁ ቢሮ ነው፤ ምዕራቡ ግን አንዲት ቀን እንኳ እንቅልፉ አልተነካበትም። መጥሪያዎቹን በሙሉ የላከችው ራሷ ነበረች፤ በእያንዳንዱ ግርጌ ስሟ አለ።

ለሁሉም የሚመች ሰዓት ከሌለ፣ አለመመቸቱን በየተራ መካፈል ነው። ሦስት ተራ አወጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ለምዕራብ ከንጋቱ አስራ ሁለት፣ ለመሀል ከቀኑ ዘጠኝ፣ ለምሥራቅ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። በሁለተኛው ለምዕራብ ከምሽቱ ሦስት፣ ለመሀል በማግስቱ ከንጋቱ አስራ ሁለት፣ ለምሥራቅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በሦስተኛው ለምዕራብ ከቀኑ ዘጠኝ፣ ለመሀል ከሌሊቱ ስድስት፣ ለምሥራቅ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት። እያንዳንዱ ቢሮ ሁለቴ ይቸገራል፤ አንዴ ያርፋል። የከፋችው የሌሊት ስድስት ሰዓት የእሷው ቢሮ ላይ ወደቀች። ወደ ሌላ ልትገፋት ሞከረችና አፈረች፤ እዚያው ተወቻት።

ሰሌዳውን መጀመሪያ ያሳየችው አጠገቧ ለሚቀመጠው አንጋፋ ፕሮግራመር ነበር። ሁሉም ጋሼ ይሉታል።

«አብደሻል?» አላት መነጽሩን አውልቆ። «እኔን በሌሊት ስድስት ሰዓት? ምን በደልኩሽ?»

«እሷስ ምን በደለች? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«እኔ ጌጥ አልወድም» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ሰሌዳውን ለሁሉም አቀረበች። አለቃው ትልቁ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ አየውና «እኛ እዚህ የምናምነው በዴሞክራሲ ነው፤ እጅ እናውጣ» አለ። ያለው ሰዓት እንዲቀጥል አስራ ሁለት እጅ ተነሳ። ሦስቱ ብቻ ተቃወሙ፤ ሁለቱ ምሥራቆችና እሷ። ጋሼ ፊቷን ሳያይ ነበር እጁን ያወጣው። የተኙበት ሌሊት ያልተነካባቸው አስራ ሁለት ሰዎች በሌላ ሰው እንቅልፍ ላይ ድምፅ ሰጥተው፣ እርስ በርሳቸው ፈገግ ተባባሉ። አስተባባሪዋ ተነስታ ውሃ ጠጣች።

ሐሙስ ዕለት ከፈታሿ ለሁሉም አጭር መልእክት ደረሰ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በሌሊት ስድስት ሰዓት አልገኝም። ሪፖርቴን በሥራ ሰዓቴ በጽሑፍ እልካለሁ። ፊት ለፊት መነጋገር ካስፈለገ፣ በሰሌዳው ተራ አለሁ።»

ሶፍትዌሩ ደግሞ ፈታሿ ስህተቶቹን ከሠሪዎቹ ጋር አንድ በአንድ አይታ ካልፈረመችበት ለደንበኛ አይወጣም። መውጫው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አለቃው ለአስተባባሪዋ ደወለ።

«አንቺ ነሽ ያሳመፅሻት!»

«ሰሌዳውን ከማሳየት ያለፈ አልሠራሁም። መተኛት አመፅ ከሆነ እርስዎም በየሌሊቱ እያመፁ ነው።»

«ቀልዱን ተይው። ሰዓት ፈልጊልኝ።»

«ፈልጌ አግኝቼ ልኬልዎታለሁ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ቅዳሜ ግን ለሦስቱም ቢሮዎች ደብዳቤ በተነ። «ስለ ባልደረቦቻችን ደኅንነት ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል ቆይቼ፣ ተራ የሚዞርበት ፍትሐዊ ሰዓት ለመጀመር ወስኛለሁ» ይላል። ሰሌዳው የእሷው ነው፤ ቀለሙን እንኳ አልቀየረም። ስለ ፎቶው አንዲት ቃል የለም። ከሥሩ «እንዴት ያለ አርቆ አሳቢ መሪ!» የሚል ምስጋና ተደረደረ፤ መጀመሪያ ያመሰገኑት ፎቶው ላይ መጀመሪያ የሳቁት ናቸው። አስተባባሪዋ ሁለቴ ማንበብ ጀምራ ሳትጨርስ ዘጋችው።

በመጀመሪያው ተራ አለቃው በንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ዓይኑ አብጦ፣ ፀጉሩ ቆሞ ተገኘ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ራስ ምታቱ አወራ። ፈታሿ እስኪጨርስ ጠበቀችና የቀሩትን ስህተቶች ዘረዘረች።

በሁለተኛው ተራ ጨርሶ አልመጣም። ለእሱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስለሆነ «የቤተሰብ ጊዜዬ ነው» ብሎ ምክትሉን ላከ። መሀሎቹ ግን ገና ጎህ ሲቀድ እየተነጫነጩ ገቡ። ጋሼ የታጠበው ፀጉሩ ሳይደርቅ፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ፣ አስተባባሪዋን በግልምጫ አለፋትና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አላት ፈታሿን።

«ከቀኑ ስድስት ነው፣ ጋሼ። ለእናቴ ምሳዋን አጉርሼ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ገና አልነጋልኝም» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ዓመት እንዲህ ስትሆኚ ነበር ማለት ነው?» አላት።

«ከዚህ ይብስ ነበር።»

ስብሰባው በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ፤ ፈታሿም ያን ቀን ፈረመች። አስተባባሪዋ የሚቀጥለውን መጥሪያ፣ የመሀሎቹን የሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ለሁሉም ላከች። ምዕራቦቹ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲገፉ ሰሌዳው እንደገና መሠራት አለበት፤ ያንንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ደስ አላላትም። አንዲት ሴት እንድትተኛ ሁለት ዓመትና አንድ እንቢታ መፍጀቱ አሁንም ይከነክናታል። ኮምፒውተሯን ዘግታ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።