ክፈፉ የሚያርፍበት ቦታ

በጫካው ጥግ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል የምርምር ጣቢያ ጠባቂ ነኝ። ተመራማሪዋ ስትመጣ ሜትሩንና ክፈፉን የምይዝላት እኔ ነበርሁ። ክፈፉ ከውሃ ቱቦ የተሠራ ነው፤ አራቱም ጎኑ አንድ አንድ ሜትር። መሬት ላይ አሳርፈዋለሁ፤ እሷ በውስጡ የበቀለውን የዛፍ ቡቃያ ትቆጥራለች። በስድሳ ቦታ እንዲህ አደረግን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ጽሑፏ ከብት ስለሚረግጠው ጫካው ራሱን መተካት አቅቶታል ይላል። በመጪው ወር አይተዋት የማያውቁ ሰዎች መጥተው ሥራውን ይደግሙታል፤ የሚመራቸው እሷ የጻፈችው የአሠራር ክፍል ብቻ ነው።

«ቁጥራቸው ከእኔ ጋር ካልገጠመ አለቀልኝ አባባ» አለችኝ።

ወረቀቱን ለመፈተን አንድ ባልደረባዋን ይዛ መጥታለች። የሐይቅ ዓሣ ነው የሚያጠናው፤ ዓሣ አጥማጁ ትለዋለች። ጫካ አያውቅም። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው።

«ወረቀቱ ብቻ ይምራው። እርስዎ ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ሰውየው ከላይ ካለው የብረት ችካል ሜትሩን ወደ ቁልቁለቱ ዘረጋ። ኮምፒውተር በዕጣ ካወጣቸው ርቀቶች የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ሜትር ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«ክፈፉ ከሜትሩ በቀኝ ነው በግራ? አልተጻፈም።»

«በቀኝ ነዋ!»

«‹ነዋ› ወረቀቱ ላይ የለም እህቴ። ደግሞስ ወደ ላይ ዞሬ ነው ወደ ታች?»

እየተነጫነጨች ጻፈችው። ቆጠረ፤ ገጠመ። ሁለተኛውም ገጠመ። ሦስተኛው ሠላሳ ሰባት ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለውን ቁጥቋጦ አውቀዋለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፤ ተነሣሁ፤ ደግሞ ተቀመጥሁ።

ሰውየው እሾሁን አየና ወረቀቱን አየ። «እለፈው አይልም» አለና በሆዱ ተሳበ። ሸሚዙ ሲቀደድ ተሰማኝ።

«አሥራ አንድ!»

እሷ ደብተሯን ገለጠች። ሁለት ይላል።

«ተሳስተሃል። ሜትሩ ረግቦ ይሆናል።»

«እንደ ክራር ተወጥሯል። ነይና ሳቢው።»

ሳበችው። ውጥር ነው። ከዚያ የቁልቁለቱን ስሌት ወቀሰች፤ ቀጥሎ ቦታ ጠቋሚውን ጂፒኤስ፣ አራት አምስት ሜትር ይስታል ብላ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የጎደለውን ከወረቀቱ ላይ እንደማታገኘው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ልጄ» አልኋት፣ «ክፈፉን እዚያ አላስቀመጥሁትም።»

ሁለቱም ዞሩ።

«በመጀመሪያው ቀን እሾህ ወግቶሽ እጅሽ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቺ ከላይ ርቀቱን ስትጠሪልኝ፣ እሾህ ካጋጠመኝ ከእሾሁ በታች እያሳረፍሁ ‹ነይ› ብዬ እጠራሽ ነበር። አምነሽኝ ትቆጥሪያለሽ።»

«ስንት ቦታ?»

«እሾህ ባለበት ሁሉ።»

«ስንት ነው እሱ?»

«አልቆጠርሁም።»

ዓሣ አጥማጁ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተወው። እሷ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከብት እሾህ ውስጥ አይገባም» አለች ቀስ ብላ። «ቡቃያው የተረፈው እዚያ ነው። እኛ የቆጠርነው የተረገጠውን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ‹እሾህ ያለበት ቦታ ታልፏል› ብለሽ ጻፊና ገላግይኝ» አላት ሰውየው። «እነሱም ያልፉታል፤ ቁጥሩም ይገጥማል።»

ብዕሩን ከፈተችው፤ ዘጋችው። ያን ብትጽፍ ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አስቀድመን ያሰብንበት ያስመስለዋል» አለች በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞረች። «ወደ ታች ስንት እርምጃ ነበር አባባ?»

«እሾሁ እስኪያልቅ።»

«አየህ? ይህን ማን ይደግመዋል?»

ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችው፦ «በመጀመሪያው ዙር ክፈፉን ያስቀመጠው ረዳት እሾህ ሲያጋጥመው ከእሾሁ በታች አሳርፎታል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልተመዘገበም። ስለዚህ ስድሳውም ነጥብ እንደገና ተቆጥሯል፤ የሁለቱም ዙር ቁጥር ቀርቧል።»

«እንዲህ ነው የሆነው?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው።»

«ገና አልተቆጠረም እኮ» አላት ዓሣ አጥማጁ።

«ተነሣ እንግዲህ።»

ክፈፉን አነሣሁ። ከሰውየው እጅ ሜትሩን ተቀበለች፤ አብራኝ እስከ ነጥቡ ወረደች። ያን ቀን እሾህ ውስጥ አራት ጊዜ ገባን። ስምንት፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ ዘጠኝ። ከእሾሁ ውጭ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት። እየጻፈች ወዲያው ገጹን ትገለብጠዋለች፤ ጽሑፏን የሚያፈርሰውን ድምር ለማየት አልፈለገችም።

እኔ ግን በልቤ እደምር ነበር፤ ማቆምም አልቻልሁም።