የግማሽ ዋጋ ውል

የደላላው እጅ ዘወትር እርጥብ ነው። ሶፋ ሠሪው ሰላም ባለው ቁጥር መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ እሱና እህቱ የወረሱት የአባታቸው ቤት የተሸጠ ዕለት ግን መጥረጉን ረሳው።

ሶፋ ሠሪውን ሰፈሩ «ስፖንጅ» ይለዋል። ስፖንጅ ሲቆርጥ ስለሚውል ብቻ አይደለም፤ የነገሩትን ሁሉ መጥጦ ዝም ስለሚል ነው። ደላላው «ውሉ ላይ ግማሹን ዋጋ እንጻፍ፤ ግብሩ ይቀላል። የተጻፈውን በባንክ፣ የቀረውን በጥሬው ትቀበላለህ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው» ሲለውም ነገሩን መጠጠው። እህቱም ውክልናዋን ስትሰጠው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም፣ ብቻ ቶሎ ይለቅ» ብላ ነበር።

መቸኮሏ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት አራተኛ ፎቅ ላይ እንደታሰረች ናት፤ ዳቦ ለመግዛት ወርዳ እስክትመለስ ግማሽ ቀን ያልቃል። ምድር ቤት ያለች አንዲት ጠባብ ቤት አግኝታ ቀብድ ከፍላለች። ቀሪውን እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈለች ቤቱም ቀብዱም ይቀራል።

ነገሩን ያበላሸው የገዢው ደግነት ነው። ገዢው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፤ ገንዘብ በከረጢት ተሸክሞ መዞር ያስፈራዋል። ስለዚህ ሙሉውን ዋጋ፣ በጥሬው የታሰበውንም ጨምሮ፣ «ለቤት ግዢ» ብሎ በአንድ ጊዜ አስተላለፈው። ስፖንጅ የስልኩን መልእክት አይቶ እህቱ ጋ እየሮጠ ሄደ። በማግሥቱ ሊያወጣ ሲሞክር «ሂሳቡ ታግዷል» የሚል መጣ።

የባንኩ መጠበቂያ ክፍል የላብና የርካሽ ሽቶ ሽታ ተደባልቆበታል። ወንበሩ የተቀደደ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ከስንጥቁ ስፖንጁ እንደ ቢጫ መግል ወጥቷል። ሶፋ ሠሪው፣ ወንበሩን የሠራውን ሰው በልቡ ሰደበው። ተራው ሲደርስ ቀጭኗ ሠራተኛ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችው።

«እህቴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አጥፍተሃል ያለህ የለም። ይሄ ሂሳብ ሲከፈት ሶፋ ሠሪ ተብሎ ነው፤ ሲገባበት የኖረው የሶፋ ገንዘብ ነው። አሁን የዓመታት ገቢህን የሚያህል በአንድ ቀን ገባ። እንዲህ ሲሆን የገንዘቡ ምንጭ እስኪታወቅ ወጪው ይታገዳል።»

«ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው?»

«አልጠፋም፣ እዚያው አለ። ይገባል እንጂ አይወጣም። የሚያጣራው ክፍል ሌላ ነው፤ እዚያ የሚባለውን ሁሉ ልነግርህ አልችልም። ግን ቤት ለሸጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚፈታው ይሄ ነው፦ ያላለፈበት መታወቂያህ፣ የአባትህ ቤት ካርታ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የእህትህ ውክልና፣ የጸደቀው የሽያጭ ውል፣ የግብሩ ደረሰኝ፣ ገዢው ገንዘቡን ያስተላለፈበት ማስረጃ። ቁም ነገሩ ብዛቱ አይደለም፤ ወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው።»

ስፖንጅ ሁሉንም በፌስታል ይዞ መጥቶ ነበር፤ በኩራት ዘረገፈው። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ አየች። ውሉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውሉን አየች፣ የገባውን ገንዘብ አየች፣ እንደገና ውሉን አየች።

«ውሉ ላይ ያለው ዋጋ የገባውን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የምን ነው?»

ጆሮው ጋለ። ባዶውን ፌስታል ማጣጠፍ ጀመረ።

«አስብበት» አለች፣ ወረቀቶቹን ወደሱ እየገፋች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሰልችቷታል፤ እንዲህ ያለ ውል ስታይ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ያ መሰላቸቷ ከስድብ በላይ አቃጠለው።

ደላላው ማዶ ካለው ሻይ ቤት በር ላይ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይጠብቀው ነበር። የስንጥሩን ጫፍ አይቶ፣ ያወጣውን መልሶ አኘከና፣ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሻይ እያዘዘለት ሳቀ።

«አንተ፣ ለዚች ነው ፊትህ የጠቆረ? የብድር ውል እንሠራለን። ገዢው ለእህትህ ዕዳ ነበረበት፣ አሁን ከፈላት። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀን እንጽፍበታለን። ምስክር እኔ አመጣለሁ፣ ለሻይ ብቻ ነው የሚሉኝ።»

«እህቴ? እሷ ከየት አምጥታ ነው ያንን ሁሉ የምታበድረው? የጡረታዋ ገንዘብ ለመድኃኒት አይበቃትም።»

«ወረቀት ይበቃታል! ደግሞ የኔን ኮሚሽን አስቀድምልኝ፤ ከሌላም ተበድረህ ቢሆን። ሰው ነን፣ እንኖራለን።»

«ስንት ነው?»

ደላላው ቁጥሩን ጠራ። ስፖንጅ በሆዱ አሰላና ቀና አለ። «ይሄማ የሙሉው ዋጋ ኮሚሽን ነው።»

«ታዲያስ! ቤቱ የተሸጠው በሙሉ አይደል?»

ለግብር ግማሽ፣ ለኮሚሽን ሙሉ። ስፖንጅ የቀመሰውን ሻይ ወደ ጎን ገፋ። ያንን እርጥብ እጅ፣ ያንን ስንጥር፣ የታኘከውን ነገር ሁሉ የዋጠው እሱ ራሱ እንደሆነ ተሰማው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማንም አላስገደደውም፤ ጥሩ ነው ብሎ ነው የዋጠው። አሁን እህቱንም ሊያጎርሷት ነው። ተነሥቶ ወጣ።

«ስፖንጅ! ኧረ የሻዩን ሂሳብ!» አለ ደላላው ከኋላው።

አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ለእህቱ ሁሉንም ነገራት። እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ሰማችው።

«አበዳሪ አደረገኝ በለኛ!» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ ባለጸጋ ሆኜ እስር ቤት ልግባ? ሂድና አስተካክለው። እኔም እኮ አፌን ዘግቼ ተስማምቻለሁ።»

«እትዬ፣ ግብሩ ከነቅጣቱ ይመጣል። የወሩ መጨረሻም ደርሷል።»

«ይምጣ። የሚያቅለሸልሽ ነገር ካልወጣ እንቅልፍ የለም።»

መድኃኒት ሻጩን ማሳመን አልከበደም፤ እሱንም ባንኩ ጠርቶ ጠይቆት ነበር። ሁለቱ ውል ወደሚጸድቅበት ቢሮ ተመልሰው በእውነተኛው ዋጋ የማሻሻያ ውል ፈረሙ። የግብሩን ልዩነትና ቅጣቱን ለመክፈል ስፖንጅ ለሱቅ የሠራቸውን ሁለት ሶፋዎች በእንጨታቸው ዋጋ ሸጠ። የሶፋዎቹ ገዢ በጫማው ወጥቶባቸው «ጠንካራ ናቸው?» ሲል እያየ ገንዘቡን ቆጠረ። እህቱ ደግሞ በመወጣጫው ብረት ተደግፋ ወርዳ፣ የምድር ቤቱን ባለቤት ጥቂት ቀን እንዲታገሣት ለመነች። ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ፣ በቀብዱ ላይ ጭማሪ ጠይቆ እሺ አለ።

የባንኩ ሠራተኛ አዲሶቹን ወረቀቶች ከካርታውና ከማስተላለፊያው ጋር አመሳከረች። «አሁን አንድ ነገር ይናገራሉ» አለች። «ወደሚያጣራው ክፍል እልከዋለሁ፤ ውሳኔው የነሱ ነው።» ከቀናት በኋላ ሂሳቡ ተለቀቀ። እህቱ ምድር ቤት ገባች፤ የመጀመሪያውን ቀን ከበሩ እየወጣች እየገባች ዋለች።

ደላላው ወሬውን ሰምቶ ወርክሾፑ መጣ። ያልተሸፈነው ሶፋ ላይ ተዘርፍጦ እግሩን አነባበረ።

«አላልኩህም? ሁሉም ያልፋል! በል ድርሻዬን።»

«እከፍልሃለሁ፣ ያውም ሙሉውን» አለ ስፖንጅ፣ ስልኩን እያወጣ። «የሂሳብ ቁጥርህን ንገረኝ። ምክንያቱን ‹የቤት ድለላ› ብዬ እጽፋለሁ። ደረሰኝ ትሰጠኛለህ።»

የደላላው ስንጥር ከከንፈሩ ወደቀ። «ምን ባንክ ባንክ ታበዛለህ? በእጄ ስጠኝ እንጂ። እኔ ደሞ በሰው ፊት ተጠርቼ ከየት አመጣህ ልባል?»

«በእጅ የለም።»

ደላላው ስንጥሩን ከወለሉ ለቀመ። ተነሣና «ለሰው ደግ መሥራት ዋጋ የለውም» ብሎ፣ ከልማዱ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ስፖንጅ ሁለቱንም መዳፎቹን አሳየው፤ እስከ አንጓው ድረስ በማስቲሽ ተለውሰው ነበር።

ሰውየው ሲሄድ፣ የተቀመጠበት ላይ የቀረውን የእጁን እርጥብ ምልክት አየ። ስፖንጁን በቢላ ቆርጦ አወጣና ሌላ ተካበት።