አሥርና ሃምሳ

በሰከንድ ስድሳ ሳንቲሜትር የሚሄድ ጋሪ፣ እኩል ክብደት ያለውን የቆመ ጋሪ ሲገጭ፣ ራሱ ቆሞ ፍጥነቱን በሙሉ ለዚያኛው ይሰጣል ብዬ አስተምሬ ነበር። ተማሪዬ ግን ከግጭቱ በኋላ የሁለቱን ጋሪዎች ፍጥነት አሥርና ሃምሳ ለካሁ ብላ በሙከራ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

«ይሄን ከየት ፈጠርሽው?» አልኳት በጓደኞቿ ፊት።

«ሞመንተሙ ልክ ነው ቲቸር፤ የሁለቱ ፍጥነት ድምር ያው ስድሳ ነው።»

«የእንቅስቃሴ ጉልበቱስ? ከሩብ በላይ ጠፍቷል እኮ።»

ወረቀቷን አንስታ ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን እኔው ሞከርኩት። አሥርና ሃምሳ። ጉልበቱን የበላው የጋሪው የፕላስቲክ መግጫ ስፕሪንግ ነበር፤ ትናንት ጥዬ ሰንጥቄው፣ ለማንም ሳልናገር በማጣበቂያ የለጠፍኩት።

ይቅርታ ልጠይቃት ሮጬ ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ቀድማኝ ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። በላጲስ በሻከረው ቦታ ላይ ዜሮና ስድሳ ተጽፏል።

«አስተካክዬዋለሁ ቲቸር» አለችኝ። «አሁን ምንም አልጎደለም።»