«መቼ» የሚለው ዓምድ

መምህር ጫንያለው ነቀምት ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአፋን ኦሮሞ የያዛት «አካም» የምትለዋን ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሷንም ወርውሯት መልሱን ሳይሰማ ነው የሚያልፈው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ነው። በዓለም ላይ የሚኮራበት ነገር ቢኖር የፎርሙላ ወረቀቱ ነው፦ አርባ ስድስት ፎርሙላ በአንድ ገጽ፣ ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ፣ ከላይ የራሱ ስም በደማቁ ተጽፎ። ወረቀቱን ለአዲስ መምህር ሲያሳይ ልጁን የሚድር አባት ነው የሚመስለው።

ማስተዋል ያን ወረቀት ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል። እሷም በዚያው ክፍል የምታስተምር የአራት ዓመት መምህርት ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ በእናቷ አማርኛና በጎረቤት ልጆች ኦሮምኛ እኩል ነው አፏን የፈታችው። የጫንያለውን ወረቀት «ጽሑፉ የተፋቀ የመድኃኒት ብልቃጥ» ትለዋለች። መድኃኒቱ አለ፤ ለምን በሽታ እንደሚታዘዝ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

እውነቷን ነው። ተማሪው v = u + at ን ይሸመድድና ፍጥንጥነቱ በየሴኮንዱ በሚለዋወጥ ጥያቄ ላይ ሳይቀር ይለጥፈዋል። የፔንዱለሙን ፎርሙላ ይይዝና ገመዱ እስከ ጣሪያ ተወጥሮ ቢለቀቅም ግድ የለውም፤ ፎርሙላው የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ መሆኑን የነገረው የለማ! ፎርሙላ ማለት ለነዚህ ልጆች ቁጥር አስገብተው ቁጥር የሚያወጡበት ወፍጮ ነው።

ስለዚህ ማስተዋል የራሷን ሠራች። ሦስት ዓምድ አሰመረች፤ አንዱ ፎርሙላው፣ ሁለተኛው መቼ እንደሚሠራ፣ ሦስተኛው ምን እንደታሰበ። ለምሳሌ የተወረወረ ነገር አግድም የሚሄደውን ርቀት የሚሰጠውን R = u² sin 2θ / g ጻፈችና ከጎኑ «የሚያርፈው በተወረወረበት ከፍታ ላይ ከሆነ ብቻ» አለች፤ ቀጥላም «የአየር ፍትጊያ የለም፣ g አይለወጥም» ብላ ጨመረች። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ ወረቀቱም ሁለት ገጽ ሆነ።

ጫንያለው ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ይሄማ ድርሰት ነው። ፎርሙላ ማለት ፎርሙላ ነው፤ ምን ታሪክ ያስፈልገዋል?» አለና ሁለቱን ዓምድ በቀይ ሰርዞ መለሰላት።

«ጋሽ ጫንያለው፣ መቼ እንደሚሠራ ካላወቁት ምን ያደርግላቸዋል?»

«ፈተና ያልፉበታል፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ነበር?»

ማስተዋል አልተከራከረችም፤ ናቀችው። የሱ ወረቀት ተባዝቶ ለመቶ ሃያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሲታደል፣ የሷን ጠይቆ ለመጣ ብቻ ሰጠች። አሥራ አንድ ልጆች መጡ። «ያልጠየቀ ይቅርበት» አለች ለራሷ፤ መናቅ ደስ ይላል፣ በተለይ ትክክል ስትሆን። ከአሥራ አንዱ አንዷ ዱረቲ ነበረች።

ዱረቲ ከጊዳ አያና ከነቤተሰቧ ተፈናቅላ የመጣች፣ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች፣ ትምህርት ቤቱም በነጻ የሚያስተምራት ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ አስቀያሚ ልማድ አለው። በሞዴል ፈተና በየትምህርቱ ከአርባ ሃያ አራት ያላመጣውን ተማሪ «በሌላ ትምህርት ቤት ተመዝገብ» ብሎ ይሸኛል፤ ለብሔራዊ ፈተናው በስሙ የሚያስመዘግበው የሚያልፉለትን ብቻ ነው። ከዚያም በር ላይ «ካስፈተንናቸው መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ይሰቅላል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዱረቲን በዚያ ሰዓት በነጻ የሚቀበላት ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረም።

የሞዴሉ ሕግ ለእያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ የጻፈውን አንድ ገጽ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ብዙዎቹ የጫንያለውን አርባ ስድስት ፎርሙላ ቃል በቃል ገልብጠው ገቡ። ዱረቲ የማስተዋልን ሁለት ገጽ በደቃቅ ፊደል አንድ ገጽ ላይ አጨቀችው፤ ሁለተኛውን ዓምድ በራሷ ቋንቋ Yoom ብላ ሰየመችው።

ማክሰኞ ጠዋት ጫንያለው በወንበሮቹ መካከል ሲንጎራደድ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ዱረቲ ጋ ሲደርስ ቆመ። አጎነበሰ። ዓይኑ ፈጠጠ። ወረቀቱንም የመልስ ገጹንም መንጭቆ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጠ፤ ማስተዋልም ተጠርታ መጣች።

«ፈተናው ወጥቷል!» አለ ጫንያለው እያለከለከ። «ይኸው! ‹ዮም› ይላል! ማስተዋል ዛሬ የሚመጣውን በየፎርሙላው አንጻር ጽፋ ሰጥታታለች!»

ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ታፋ የነቀምት ተወላጅ፣ ለመቆጣትም ለመሳቅም የማይቸኩል ሰው ነው። «ዛሬ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለ።

«ዮም! በግዕዝ ዛሬ ማለት ነዋ! ድቁና የተማርኩት ለጌጥ መሰለዎት?»

ታፋ ወረቀቱን አየ፣ ጫንያለውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ኦቦ ጫንያለው! የጊዳ አያና ልጅ፣ የሙሉ ወንጌል ዘማሪ፣ ግዕዝ ከየት ታመጣለች? ዮም በኦሮምኛ መቼ ማለት ነው። እዚህ አገር ስንት ዓመትዎ ነው?»

ጫንያለው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ለመሸነፍ ግን አልተፈጠረም። «ይሁና! የተፈቀደው ፎርሙላ ነው፤ ይሄ ማብራሪያ ነው።»

ታፋ ሕጉን አውጥቶ አነበበ። አንድ ገጽ ይላል፣ በእጅ የተጻፈ ይላል፣ ሌላ አይልም። የመልስ ገጿ ይታረም ተባለ፤ ጫንያለው ራሱ በገዛ የመልስ ቁልፉ አረመው። ከአርባ ሃያ ሦስት።

«አላለፈችም» አለ፤ ደስታውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

ማስተዋል ገጹን ሳበችው። የተሳሳቱትን አንድ በአንድ ስትቆጥር አሥራ አራተኛው ላይ እጇ ቆመ። ከአሥራ አምስት ሜትር ሕንፃ ጣሪያ ላይ ኳስ በሴኮንድ ሃያ ሜትር ፍጥነት፣ ከአግድም በላይ በሠላሳ ዲግሪ ይወረወራል፤ መሬት ሲያርፍ ከሕንፃው ምን ያህል ይርቃል? g አሥር ነው። ዱረቲ ሃምሳ ሁለት ሜትር ብላለች። ቁልፉ 34.6 ይላል።

«ጋሽ ጫንያለው፣ ይህን እንዴት ሠሩት?»

«በፎርሙላው ነዋ! አራት መቶ ሲባዛ በሳይን ስድሳ፣ ሲካፈል ለአሥር።»

«ሕንፃውስ?»

«የቱ ሕንፃ?»

«አሥራ አምስት ሜትሩ! ከጥያቄው የት ጣሉት?» ወረቀት ገልብጣ ጻፈች። ወደ ላይ ያለው ፍጥነት አሥር ነው፤ 15 + 10t − 5t² ዜሮ የሚሆነው በሦስተኛው ሴኮንድ ነው። ወደ ጎን ያለው 17.3 ነው፤ በሦስት ሲባዛ ሃምሳ ሁለት። «የእርስዎ ፎርሙላ የሚሠራው ኳሱ በተነሣበት ከፍታ ላይ ሲያርፍ ነው። በ34.6 ሜትር ላይ ኳሱ ገና ከጣሪያው እኩል ነው። አየር ላይ ትተውት ነው የሄዱት።»

 ጫንያለው ጥያቄውን ከአንድ የቆየ ፈተና ገልብጦ መልሱን በራሱ ወረቀት እንደሠራ ማንም ሳይናገር ታወቀ። ቁልፉን ወደ ጎን ገፋና «እንግዲህ አከራካሪ ከሆነ ቦነስ ይሁን። አሥራ አራትን ለሁሉም እንስጥ» አለ።

«አከራካሪ?» ማስተዋል ሳቀች፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «ምኑ ነው የሚያከራክረው? ቁልፉ ስሕተት ነው፤ ይታረም። ያወቀ ያግኝ፣ ያላወቀ ይጣ። ቦነስ የሰነፍ መምህር መሸሸጊያ ነው።»

ታፋ አመነታ፤ ቢሆንም ትክክሉ ትክክል ነውና ፈረመ። በዚህ መሀል በአሮጌው ቁልፍ ታርሞ የተነገረው ሳይቀር፣ የሁሉም ወረቀት በአዲሱ ቁልፍ እንደገና ታረመ። ዱረቲ ሃያ አራት ሆነች። ማስተዋል ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። ማስተዋል ከክፍል ስትወጣ ናኦሚ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ናኦሚ ከሲሬ በየቀኑ በሚኒባስ የምትመላለስ፣ ከዱረቲ ጎን የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ቲቸር፣ ትናንት ሃያ አራት ነው ተብዬ ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት ነው የሚለው።»

ማስተዋል ወዲያው ገባት። «አሥራ አራተኛውን 34.6 ብለሽ ነበር?»

«አዎ። ፎርሙላው ስሕተት ነው እንዴ?»

«ፎርሙላውስ ትክክል ነው። ለዚያ ጥያቄ ግን አይሠራም።»

«የት ተጽፏል?» አለች ናኦሚ። ለክርክር አልነበረም፤ የምር ቦታውን ፈልጋ ነው። ወረቀቷን ዘርግታ አሳየቻት። አርባ ስድስቱ ፎርሙላ በጥንቃቄ፣ በማስመሪያ፣ አንድም ምልክት ሳይዛነፍ ተገልብጧል። ትምህርት ቤቱ አጥኚ ብሎ የሰጣትን አንዲት ነጥብ ሳታጓድል ነበር ያጠናችው። «ለዱረቲ ሌላ ሰጥተዋታል አይደል? እኔ እንዳለ አላወቅኩም።»

 ልጅቷን ማስተዋል ራሷ ከምታስተምራቸው ሦስት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ፣ በየሳምንቱ አምስት ጊዜ ታያት ነበር። አንዴ ቆማ ቦርድ ላይ ብትጽፈው ሰባት ደቂቃ ባልፈጀባት። የተናቀው ጫንያለው ነበር፤ የከፈለችው ናኦሚ ናት። ማስተዋል አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

መምህራን ክፍል ገባች። ጫንያለው ለብቻው ተቀምጦ ደብተር ያርማል፤ ቀና ብሎም አላያት።

«ጋሽ ጫንያለው» አለች ቆማ። «አሥራ አራተኛው ቦነስ ይሁን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን ቃል ከሷ አፍ ደግሞ ሊሰማው ፈለገ። «ምን አልሽ?»

«ቦነስ ይሁን። ለሁሉም።»

«የሰነፍ መምህር መሸሸጊያ» አለ ጫንያለው ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ። ከመሳቢያው የውጤት ማስተካከያ ቅጹን አወጣና ገፋላት። «ኦቦ ታፋ ያለ ምክንያት አይፈርምም። ምክንያቱን ጻፊ።»

ማስተዋል ወንበር ሳትስብ አጎንብሳ ጻፈች፦ «መምህሯ ፎርሙላው መቼ እንደማይሠራ እያወቀች ለአሥራ አንድ ተማሪ ብቻ ስለነገረች።» ስሟን ከሥሩ አስቀምጣ ፈረመች።