በእንሰት ጥላ ሥር የታሰረው ሶላር

ተናኜን ለዓመታት ሲቆረቁራት የኖረው፣ በእቁቧ የገዛችውን ሶላር ባሏ ወንዳፈረው «የልጅ መጫወቻ» እያለ መሳለቁ ነው። መጫወቻ ያደረገው እኮ ራሱ ነው! ጣሪያ ላይ ቢሰቀል ሌባ ያየዋል ብሎ፣ ሰሌዳውን ከጓሮ እንሰቱ መሃል ከእንጨት ጋር ጠፍሮ አሰረው። የእንሰት ቅጠል ዝናብ የሚያስጠልል ነው፤ ፀሐይዋ በየት በኩል ትግባ? ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ አምፖሎቹም እራት ሳይቀርብ ይደክማሉ።

«አላልኩሽም?» አለና አንድ ቀን ጀነሬተር በባጃጅ አስጭኖ መጣ። እውነት ለመናገር፣ ጀነሬተሩ ሶላሩ የማይችለውን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ያስነሳል። ጩኸቱና ጭሱ ግን ለሰፈሩም ይበቃል።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ሆሳዕና ከተማን ሊያጥባት የመጣ ይመስላል። ልጃቸው ሣራ ለፈተና ታጠናለች። ወንዳፈረው ጀነሬተሩን ከደጅ ጎትቶ ከልጅቷ ክፍል ቀጥሎ ወዳለው ዕቃ ቤት አስገባው። መሃላቸው አንድ ስስ ችፑድ ብቻ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አውጣው! ጭሱ ሰው ይገድላል።»

«ዝናብ ይግባበት? በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ። አንቺ ደግሞ ሶላርሽን ስለናቅሁብሽ ነው።»

የማስነሻ ገመዱን ሳበ፤ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይቶ ሣራ «እማ፣ ራሴን አመመኝ» አለች።

«መጽሐፍ ስታይ ሁሌ ነው» ብሎ አባቷ ሳቀ።

ተናኜ ግን አልሳቀችም። «ሣራ!» መልስ የለም። ሞተሩ ነው የማያሰማት ብላ ደግማ ጮኸች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ ልጅቷ ደብተሯ ላይ ተደፍታለች። ክንዷን ብታነሳው ወደቀ።

«አጥፋው! በሩን ሁሉ ክፈት!»

በብብቷ ይዛ እየጎተተች ዝናቡ ውስጥ አወጣቻት። ወንዳፈረው ሞተሩን አጥፍቶ እየሮጠ ተከተላቸው።

«ተንፍሽ፣ ልጄ! ተንፍሽ!» ጮኸች ተናኜ።

ሣራ አቃሰተች፤ አስመለሳት። በጎረቤት ባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት፤ ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ልጅቷ ድና በተመለሰች ማግስት ሰማዩ ጠራ። ተናኜ ከእንሰቱ መሃል ሰሌዳውን ፈታች፤ አቧራውን አጠበች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መሰላል ወጣች።

ጎረቤቷ ሃቢባ በአጥር አሻግራ አየቻት። «ተናኝዬ! በዚህ ዕድሜሽ ቆርቆሮ ላይ?»

«በዚህ ዕድሜዬማ ልጅ አልቀብርም!»

ወንዳፈረው ከቤት ወጣ። «ውረጂ! ሰው ምን ይላል? ሌባስ?»

«መሰላሉን ያዝ!»

ያዘ። ጥላ የማይደርስበትን ቦታ መርጣ፣ ሰሌዳውን ከማገሩ ጋር በብሎን አጠበቀች። የብሎኖቹን ጫፍ ሌባ እንዳይፈታቸው በመዶሻ አጣመመቻቸው።

«ጀነሬተሩስ?» አላት ከታች፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከአጥሩ ጥግ፣ ዳስ ሠርተህለት። ቤቴ ውስጥ ግን ዳግመኛ አይገባም» አለችና የሶላሩን ሽቦ በክፈፉ ሥር ወደ ሣራ ክፍል ለቀቀችው።