ጄሶው ያልያዘው ስንጥቅ

«አንተ ሰው! እዚያ አይደለም! ወዲያ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሂድ!»

ዓምደሚካኤል አንድ እግሩን ድልድዩ ሥር ባለው ጭቃ ላይ እንዳሳረፈ ቀና ብሎ አየ። ከላይ፣ ከድልድዩ መከለያ ላይ የተንጠለጠለ ጥምጥምና ጢም ታየው።

«ምን አሉኝ?»

«ሆድህ ቢቸኩልብህም እዚህ አይሆንም አልኩህ! ሌላው የጣለው አንሶን ነው አንተ የምትጨምርበት?»

«አባቴ፣ እኔ ለዚያ አልመጣሁም። ከሶዶ መንገድ ሥራ ቢሮ ነኝ፤ ድልድዩን ልመረምር ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «በል ይቅርታ፣ የኔ ልጅ። ከሶዶ ድረስ መጥቶ በገዛ ፈቃዱ እዚያ የሚወርድ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

ሽማግሌው ባላምባራስ ሀብተጊዮርጊስ ይባላሉ፤ የከብት ኬላው ሹም ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን የመጡ ባለሥልጣን ነበሩ፤ እሳቸውም ጣሊያን ሲገባ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ይህ ድልድይ ጠባብና ባለ መከለያ ስለሆነ፣ ለገበያ የሚነዳ ከብት ሁሉ እላዩ ላይ እየታጎረ ይቆጠር ነበር። ሁለቱ ጫፎች በገመድ ይዘጋሉ፤ ከብቱ ተራው እስኪደርስ አሞሌ እየላሰ፣ እየሸናና እየጣለ ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ የጨውና የሽንት ውሃው በውሃ መውረጃው ቀዳዳ ይወርድ ዘንድ ታስቦ ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ግን በፋንድያ ከተደፈኑ ዘመን አልፏቸዋል። ስለዚህ ውሃው ኮንክሪቱን እየሰረሰረ ይወርዳል።

ዓምደሚካኤል መሐረቡን አፍንጫው ላይ አስሮ ወደ ውስጥ ገባ። የነሐሴ ዝናብ ያጠገበው ወንዝ ከጎኑ ይጮሃል። ከእግሩ ሥር የሰው፣ ከራሱ በላይ የከብት እድፍ ነበረ። ጠብ ያለችው ጠብታ አንገቱ ሥር ስትገባ ኮሌታውን አቆመ። ከዚያ መዶሻውን አወጣ።

ድልድዩ ከግንብ ወደ ግንብ በተዘረጉ ሦስት የኮንክሪት ተሸካሚዎች ላይ የተጋደመ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ግሪክ ሲሠራው የወንዝ አሸዋ ሳያጥብ እንዳቦካው የአካባቢው ሰው ያወራል። ዓምደሚካኤል አዲስ አበባ በግንበኛነት ካገለገለ በኋላ ጣሊያንኛ ስለለመደ የቢሮው አስተርጓሚና ለኪ ሆኗል፤ መዶሻ ሲናገር መስማት ያውቃል። የመጀመሪያውን ተሸካሚ መታው፤ ጠጣር ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው፣ ወንዙ ወደሚወርድበት በኩል ያለው፣ እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ደግሞ ሲመታው የመዳፍ ስፋት ያለው ቅርፊት ወደቀና ፌሮው ተገለጠ፤ የዛገ፣ እርጥብ፣ እንደ ሽንኩርት በድርብርብ የሚላጥ። ዝገቱን ጠርጎ በመለኪያ ያዘው። ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር የነበረው ፌሮ አሥራ ዘጠኝ ቀርቷል፤ ከሥጋው አርባ በመቶ ግድም ተበልቷል ማለት ነው።

ይህስ መጥፎ ነው፤ ግን ለዓመታት ሲበላ የኖረ ነው። ዓምደሚካኤልን ያስፈራው ሌላ ነበር። ተሸካሚው የዳር ግንቡ ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ አንድ ስንጥቅ ከታች ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ ወደ መካከሉ ይወጣል። በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ተሸካሚው ሊቆረጥ መሆኑን ይናገራል፤ ተሸካሚም እንዲህ ሲቆረጥ ቀድሞ አይጎብጥም፣ አያስጠነቅቅም።

ስንጥቁ የቆመ ይሁን የሚሄድ ለማወቅ ጄሶ አቡክቶ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀጭን ልጥፍ አድርጎ በስንጥቁ ላይ አጋደመው። ሳይደርቅ በሚስማር «13» ብሎ ቀኑን ጻፈበት። ጄሶ አይለጠጥም። ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ ደህና ይቆያል። የተረፈውን ጄሶ ኬላው ውስጥ አስቀምጦ፣ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ለባላምባራስ ነግሮ ሄደ።

በቢሮው አሠራር እያንዳንዱ ጉዳት ሁለት ደረጃ ይሰጠው ነበር። አንደኛው ክብደቱ ነው፣ ከአንድ እስከ አራት። ሁለተኛው ጥድፊያው ነው፣ ከሀ እስከ መ፤ ሀ እስከ ከርሞ ይቆያል፣ መ ሌላ ጭነት ሳያልፍ ዛሬውኑ ማለት ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። የተደፈነው የውሃ ቀዳዳ ክብደቱ አንድ ሆኖ ጥድፊያው ሐ ነው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያበላሽ እሱ ነውና። ሰያፉ ስንጥቅ ግን ከቆመ ሁለት፣ ለ፤ ከሄደ አራት፣ መ። አራት መ ከሆነ ድልድዩ ይዘጋል። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ገበያ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ነበር የቀረው፤ ያን ቀን ከብቱና ነጂው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ድልድዩ ላይ ሲቆም ክብደቱ ከተጫነ መኪና አያንስም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከቢሮው ቀያሽ ከሲኞር ጋሊኒ ጋር ተመለሰ። ጋሊኒ ቅባት የጠገበ ጸጉሩን ዝናብ እንዳይነካው በጋዜጣ ከልሎ፣ ከሽቶው በስተቀር ምንም እንዳይሸተው ሁለት ጣቱን አፍንጫው ሥር አድርጎ፣ አንገቱን ብቻ ወደ ውስጥ አሰገገ። ጄሶው ነጭ ሆኖ ደህና ተጋድሟል።

«ደህና ነው! ሚኬሌ፣ ሁለት፣ ለ ብለህ ጻፍ። እንሂድ» አለ፤ ዓምደሚካኤልን «ሚኬሌ» እያለ ነው የሚጠራው።

ዓምደሚካኤል ግን ተጠጋ። ጄሶው ላይ የተጻፈው «13» አልነበረም፤ በሚያምር የደብተራ እጅ «፲፫» ይላል።

«ባላምባራስ!» ሲል ወደ ላይ ጮኸ። «ይህን ማን ነካው?»

«ምን ሆነ? አልተዋበም?» አሉ ባላምባራስ በኩራት። «ያኛው ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት ነበር። መድኃኒቷም እንደ ለጠፍካት ሁለት ቀን ሳትሞላ ተሰነጠቀችብህ። የበዓል ሰሞን ግድግዳ ተሰንጥቆ ይታደራል? ኤርካሎን አስለጠፍኩልህ።»

የኬላው ሠራተኛ ኤርካሎ ከኋላቸው ብቅ አለ። ድልድዩ መካከል ቆሞ ከብት የሚያግድ፣ ገመዱን የሚይዝ እሱ ነው። የወላይታ ሰው ለጊፋታ ቤቱን እንደሚመርግ እሱም በጥንቃቄ መርጎታል፤ እንዲያውም የተላጠውን ፌሮ እበትና ጭድ በተቦካ ጭቃ ለስኖት ነበር። ዓምደሚካኤል ጣቱን ሲሰድበት ጭቃው ውሃ አዥቶ ሸተተ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ሽታው አልለቀቀውም።

«ስንት ጊዜ ለጠፍከው፣ ኤርካሎ?»

«ሦስት ጊዜ፣ ጌታዬ። ገበያ ሲውል ትሰነጠቃለች። እኔ አለጥፋለሁ። ደግሞ ገበያ ሲውል ትሰነጠቃለች።» ተጨነቀ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም» አለው ዓምደሚካኤል። ከጄሶው በላይ የሚያስረዳ ነገር ነግሮታልና።

ለጋሊኒ በጣሊያንኛ ተረጎመለት፤ ጄሶው በየገበያው ቀን ሦስት ጊዜ ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ሕያው ነው፣ አራት፣ መ ነው።

ጋሊኒ ጋዜጣውን ሳይነቅል ፈገግ አለ። «እኔ የማየው ያልተሰነጠቀ ጄሶ ነው። የአንድ እረኛ ወሬ መዝገብ አይገባም። ደግሞስ አምና ይህን ድልድይ "ደህና" ብዬ የፈረምኩ እኔ አይደለሁም? በጥቅምት ጅማ ሹመት እየጠበቀኝ የጦሩን መንገድ ልዝጋ? ሁለት፣ ለ።»

«ሲኞሬ፣ ሰው ይሞታል።»

«ሚኬሌ፣ አንተ ትሸታለህ» አለው ጋሊኒ፤ ከመኪናውም ኋላ፣ ጭነቱ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘው።

ሶዶ ሲደርሱ ዓምደሚካኤል እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ማታ ሚስቱ ወይዘሮ ፈጠነች ከእንሰት የተሠራ ሙቹና ጎመን አቀረበችለት፤ ጣቶቹን ወደ አፉ ሲያስጠጋ የዚያ ጭቃ ሽታ መጣበትና ገፋው።

«አመመህ?»

«ሰው ጠልቼ ነው» አለ። «ራሴንም ጨምሮ።»

በማግስቱ ሪፖርቱ በጣሊያንኛ ተተየበ፤ ሦስተኛው ተሸካሚ፣ ሰያፍ ስንጥቅ፣ ክብደት ሁለት፣ ጥድፊያ ለ። ለኪው በሚፈርምበት ቦታ ዓምደሚካኤል ፈረመ። 

ከሪፖርቱ ጋር ለኬላው የሚላክ የአማርኛ ትእዛዝ ነበር። ማዘጋጀቱ የእሱ ሥራ ነው፤ ጋሊኒ አማርኛ ስለማያነብ ወረቀቱን ሳያይ ማኅተም ይመታበታል። ዓምደሚካኤል ብዕሩን ቀለም ነክሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ እንዲህ ጻፈ፤ «ሦስተኛው ተሸካሚ በሰያፍ ተሰንጥቋል። ክብደቱ አራት፣ ጥድፊያው መ። ከዛሬ ነሐሴ ፳፰ ቀን ጀምሮ ድልድዩ ላይ ከብትም ሰውም አይቁም። ቆጠራው ሜዳው ላይ ይሁን። የተጫነ መኪና አይለፍ።» ጋሊኒ ከሰው ጋር በስልክ እየሳቀ ማኅተሙን መታበት።

ባላምባራስ ዓምደሚካኤል ያመጣላቸውን ትእዛዝ ሲያነቡ ጢማቸው ተነሣ። «ሜዳ ላይ! ከብቱ ሲበተን ማን ይይዘዋል? እናንተ የቢሮ ልጆች፣ ጭቃ ረግጣችሁ አታውቁም!»

«ማኅተም አለበት፣ ባላምባራስ» አላቸው ዓምደሚካኤል።

«አየሁት፣ አየሁት። ማኅተምማ በሬም ይታዘዛል።» እየተራገሙም ቢሆን ገመዱን አስፈትተው ሜዳው ላይ አስተከሉት።

መስከረም ዘጠኝ፣ የበዓሉ ትልቅ ገበያ በዋለበት ቀን፣ ከብቱ ሜዳውን ሞልቶ ሲጮህ ሲሚንቶ የጫነ የጦር መኪና መጣ። ኤርካሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ተሳደበ፤ ጥሩምባውን ነፍቶ ነዳ፤ ኤርካሎም ዘሎ አመለጠ። የኋላ ጎማዎቹ ድልድዩን እንደረገጡ ሦስተኛው ተሸካሚ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸና ከዳር ግንቡ አጠገብ ተቆረጠ። መኪናው በጎኑ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሾፌሩን እግሩ ተሰብሮ፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ዝቃጭ እየተፋ አወጡት። ድልድዩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አንድ መኰንን ከጋሊኒ ጋር ከሶዶ መጥቶ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ጠየቀ። ባላምባራስ ትእዛዙን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው ዘረጉ። የመኰንኑ አስተርጓሚ አነበበ። ጋሊኒ ማኅተሙን፣ ቀኑን፣ «አራት፣ መ» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ መጀመሪያ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ደም ተመለሰበት።

«እንዳልኩት ነው» አለ መኰንኑን እያየ። «እኔ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ።»

መኰንኑ እጁን ጨበጠው።

በማግስቱ ጋሊኒ ዓምደሚካኤልን ጠርቶ አዲስ የተተየበ ሪፖርት ፊቱ አስቀመጠ። ቀኑ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ክብደቱ አራት፣ ጥድፊያው መ ነበር። አሮጌው ሪፖርት ምድጃው ውስጥ ይጨስ ነበር።

«እንግዲህ የምትፈልገውን ጻፍኩልህ» አለው ጋሊኒ፤ ሽቶው ክፍሉን ሞልቶታል። «ካልፈረምክ ያ የአማርኛ ወረቀት ያላዘዝኩት ይሆናል። በማኅተሜ የቀለደ ሰው የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።»

ዓምደሚካኤል ወረቀቱን አነበበ። ከቀኑና አስጠነቀቀ ከተባለው ሰው ስም በስተቀር እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። 

ፈረመ። ጋሊኒ በጥቅምት ለአዲሱ ሹመቱ ወደ ጅማ ሄደ፤ ዓምደሚካኤልም በዚያው ወር ከቢሮው ወጥቶ አረካ ላይ ግንበኛ ሆነ።