የታችኛው መርገጫ

አባቴ ሀጂ ሀምዲን ሌላ ሰው የሰቀለው ነገር ቀጥ ይላል ብለው አያምኑም። ፒያሳ ያለው የጨርቅ መደብራችን ፊቱ ለዒድ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲሱ የብረት ሰሌዳ ከኮምቦልቻ ተሠርቶ ሲመጣ፣ ወንድሜ ዑዘይር «ነገ ሠራተኛ አምጥቼ አሰቅለዋለሁ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ነገን የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። ከሚኒባስ ወርጄ ወደ መደብሩ ስጠጋ መሰላል ላይ ቆመው አየኋቸው። በአንድ እጃቸው ሰሌዳውን ደግፈው በሌላው ቦልት ያጠብቃሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው።

ከፍርሃት በፊት ንዴት መጣብኝ። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ተቋም ውስጥ የምህንድስና መካኒክስ አስተምራለሁ። ግድግዳ የተደገፈ መሰላል በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደምጥል እኔና ጥቁር ሰሌዳው ነን የምናውቀው። እቤቴ ደርሼ ደግሞ እውነተኛውን መሰላል፣ ያውም አባቴን ተሸክሞ፣ ላየው አልፈለግሁም።

«ማን አወጣቸው?» አልኩት ዑዘይርን። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ አንጋጦ ያያል።

«ማን ያወጣቸዋል? ራሳቸው ወጡ እንጂ! ዕቃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ላይ ናቸው።»

ዐይኔ ወደ መሰላሉ እግር ሄደ። ግድግዳው ሥር ካርቶን ስለተደረደረ እግሩን ከሚገባው በላይ ወደ መንገዱ አርቀውታል። የእግሩ ጎማ አልቆ ባዶ ብረት ሆኗል። የቆመውም የመደብሩ ልጆች ጠዋት በሳሙና ያጠቡት ሴራሚክ ላይ ነው፤ ገና አልደረቀም። አናቱን ሳይ ደግሞ ሁለቱም ጫፍ ላይ ወፍራም የጎማ ቁራጭ በሲባጎ ታስሯል።

«ጎማውን ለምን ላይ አሰሩት?»

«ቀለሙን እንዳይፍቀው። ደግሞም እንዳይንሸራተት ነው አሉ።»

«የሚንሸራተተው እኮ በእግሩ ነው!» አልኩ።

ቃሉን ሳልጨርሰው ሴራሚኩ ላይ ብረት ጮኸ። እግሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ እኛ ሸሸና የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ አግኝቶ ቆመ። አናቱ አዲሱ ቀለም ላይ ሁለት ጥቁር መስመር እያሰመረ ወረደ። የቦልት ቁልፉ ከአባቴ እጅ ወደቀ። ሰሌዳው በአንድ ቦልት ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ። እሳቸው ሁለቱን ቋሚ ብረት አቅፈው «ያ ረቢ!» አሉ።

ፒያሳ ሰው ለመሰብሰብ ጥሪ አያስፈልጋትም። ከፊት ለፊታችን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤታችን አራጋው ሮጦ መጣና ከሁሉም በላይ ጮኸ። «ሀጂ፣ ወደ ላይ! ሁለት መርገጫ ብቻ! የሰገነቱን ብረት ይያዙ!»

እውነትም የላይኛው ፎቅ የሰገነት ብረት ከራሳቸው ብዙም አይርቅም። አባቴ ቀና ብለው አዩት። እጃቸውንም ዘረጉ፤ ክንድ ያህል ቀራቸው። ቀኝ እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ አየሁ።

«አባ! አይውጡ!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ አባቴን እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ዑዘይር ደግሞ ጫማውን ጥሎ ሊወጣ ሁለቱን ቋሚዎች ይዟል። «ከኋላ ሆኜ እደግፋቸዋለሁ!»

«አንተም አትውጣ!»

«ታዲያ ቆመን እንይ?»

መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ ቶሎ። ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ሲያገኙ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ ማወቅ ይፈልጋሉ። ወለሉ ወደ ላይ ስንት ይገፋል፣ የወለሉ ሰበቃ፣ ያ መንሸራተትን የሚከለክለው ኃይል፣ እግሩን ወደ ግድግዳው ስንት ይይዛል፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ስንት ይገፋል፣ የግድግዳው ሰበቃ አናቱን ወደ ላይ ስንት ይደግፋል። አራት የማይታወቁ፣ ሦስት እኩልታ። የማዞር ጉልበቱን ከመሰላሉ መሃል ተነስተው ይለካሉ፤ አራቱም እዚያው ያፈጥጡባቸዋል። ጎማው ላይ ስንት ሰበቃ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር፤ ማንም አያውቅም።

ግን የዙረቱን ማዕከል የት እንደማደርግ የምመርጠው እኔ ነኝ። እግሩ ላይ አደረግሁት። እዚያ ነጥብ ላይ የሚያልፉት ሁለቱ የወለል ኃይሎች ከማዕከሉ ርቀት ስለሌላቸው መሰላሉን ማዞር አይችሉም፤ ከሂሳቡ ወጡ። የቀረው ግልጽ ነው፦ መሰላሉን የሚጥለው የመሰላሉና የአባቴ ክብደት፣ የሚመልሰው ግድግዳው። የመሰላሉ አይለወጥም። የአባቴ ግን ከፍ ባሉ ቁጥር ከእግሩ ይርቃል፤ ግድግዳውም ይበልጥ መግፋት ግድ ይሆንበታል። ያን ግፊት የሚቋቋመው ደግሞ የወለሉ ሰበቃ ብቻ ነው፤ ያ የሳሙና ሴራሚክና ያ ቀጭን ጠርዝ። ሁለት መርገጫ ወደ ላይ ማለት አሁን በጣት ጫፍ የቆመውን ነገር መግፋት ነው። ወንድሜም ወደ እሳቸው በወጣ ቁጥር ያንኑ ያደርጋል።

ታች ከሆነስ? እግሩ አጠገብ የቆመ ክብደት ከማዕከሉ ስንዝር ቢርቅ ነው። አያዞርም ማለት ይቻላል። ወለሉን ግን ሙሉ ክብደቱን ይጫነዋል፤ ወለሉ በተጫነ ቁጥር ሰበቃው የመያዝ አቅሙ ይጨምራል።

«ዑዘይር፣ የታችኛው መርገጫ ላይ ቁም። ዘለህ እንዳይሆን፤ በቀስታ። መጀመሪያ አንድ እግር።»

«እየወደቁ እኔ መሰላል ላይ ልሰቀል?»

«ወላሂ እልሃለሁ፣ ቁም!»

ቆመ። ብረቱ አቃሰተ፤ የአባቴ ዐይን ተጨፈነ። ዑዘይር ሰማንያ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ጋብቻ ጥሩ ተስማምቶታል። ሁለተኛውን እግሩን ሲያሳርፍ የመሰላሉ እግር አልተነቃነቀም። እኔም ከኋላው በጫማዬ የመሰላሉን እግር ደገፍኩ፤ ግን ሴራሚኩ እኔንም ያንሸራትተኝ ስለነበር ለልቤ እንጂ ለመሰላሉ ብዙ አልረዳም።

«አባ፣ አሁን ይውረዱ። አንድ መርገጫ። ቀስ ብለው።»

አራጋው «ኧረ ጎማው ከላይ ይዞታል! ወደ ላይ ነው የሚያዋጣው!» አለ።

«አራጋው፣ ጎማው የሚይዘው ግድግዳው እስከገፋው ነው። እግሩ ከሄደ ግድግዳው ማንን ይገፋል? ዝም በል ብዬሃለሁ!» ታላቄ ነው፤ ይቅርታውን በኋላ እጠይቃለሁ ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ቁልቁል አዩኝ። ፊታቸው ላይ ደም የለም። ጨርቅ ሲለኩ አንድ ጣት የማይስቱት ሰው ብረቱን አንቀው ይዘዋል።

«ዚክራ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ውሸት ቀላል ነበር። «አባ፣ አሁን በስንት እንደቆመ አላውቅም። ግን በወረዱ ቁጥር ሸክሙ ይቀንስለታል። በወጡ ቁጥር ይብስበታል። ይህን አውቃለሁ።»

ቢስሚላህ ብለው ግራ እግራቸውን አወረዱ። ብረቱ ጢጥ አለ። ቆሙ፤ ቀና ብለውም የሰገነቱን ብረት እንደገና አዩት። ሰው ሲፈራ እጁ የሚይዘውን ይፈልጋል እንጂ ሂሳብ አይሰማም። እኔ ራሴ እዚያ ብሆን ብረቱን እመርጥ ነበር።

«አልሄደም፣ አባ! እግሩን እያየሁት ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ቀጣዩ ከዚህኛው ይሻላል።»

ሁለተኛውን ወረዱ። ሦስተኛውን። በየመርገጫው «አልሄደም» እላለሁ፤ ባጃጅ እንኳ ጡሩንባውን ረስቷል። መሃል ሲደርሱ ዑዘይር «ልውረድና ቦታ ልልቀቅላቸው?» አለ።

«እንዳትነቃነቅ! ጎንበስ በልና ጀርባህ ላይ ይድረሱ።»

አባቴ የዑዘይርን ትከሻ ረገጡ፣ አንገቱን አቅፈው ተንሸራተቱና እግራቸው መሬት ነካ። ወዲያው ሴራሚኩ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ደግመው ደግመው አሉ። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። አራጋው ውሃ አመጣላቸው፤ ዑዘይርም ነፍሱ መለስ ሲል «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል የሚባለው ይኸው ነው» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

ነገሩ አላለቀም ነበርና። ሰሌዳው በአንድ ቦልት እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከሥሩ ሰው ያልፋል። ነፋስ ሲመጣ ይጮኻል። አራጋው መንገደኛውን እያዞረ ቆመ፤ እኛም ካርቶኖቹን ከግድግዳው ሥር አወጣን። ሴራሚኩን አድርቄ፣ ጎማውን ከአናቱ ፈትቼ እግሮቹ ላይ አሰርኩት፤ ለአናቱ የተረፈ ቡትቶ በቃው። ከዚያ እግሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ከፍታው አራት ክንድ ሲሆን እግሩ አንድ ክንድ እንዲርቅ፣ ማለትም ቀና እንዲል። የሚወጣው ሰው ከእግሩ ብዙ እንዳይርቅ ማለት ነው።

ዑዘይር ቁልፉን ኪሱ ከተተና ቋሚዎቹን ያዘ። እኔ የታችኛው መርገጫ ላይ ልቆም እግሬን ሳነሳ አባቴ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ዞር በይ። አንቺማ ላባ ነሽ» አሉኝ። «ክብደት ከሆነ የሚፈለገው እኔ አለሁ።»

«አባ፣ ይረፉ እንጂ!»

«አብሽሪ።»

ዑዘይር በጎን በኩል አልፎ ሦስተኛው መርገጫ ላይ ወጣ፤ እሳቸውም ከሥሩ፣ ታችኛው ላይ፣ በቀስታ ቆሙ፤ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሠላሳ ዓመት በዚያ መደብር ውስጥ ከሳቸው በቀር ማንም ትእዛዝ ሲሰጥ አልሰማሁም። ወደ ዑዘይር ቀና አሉ።

«እሷ ሳትል እግርህን እንዳታነሳ።»

ዑዘይር ወደ እኔ ዞረ። አባቴም ዞሩ። አራጋውም፣ መንገዱም። የመሰላሉን እግር አየሁ፣ ጎማውን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ። ሁሉም ልክ ነበር፤ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት፣ ልክ ነበር። ግን ላይ የሚወጣው ወንድሜ ነው፤ «ውጣ» የምትለዋ አንዲት ቃል ምላሴ ላይ ከበደችኝ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በቀን ሃያ ጊዜ ሰው መሰላል ላይ አወጣለሁ፤ አንዱም ደሙ የሚፈስ ሰው አልነበረም።

ተንበርክኬ የመሰላሉን እግር በእጄ ገፋሁት። ወለሉ ላይ ተጣብቋል። የአባቴ ጫማ አጠገብ ነበርኩ፤ እሳቸውም አላጣደፉኝም።

«ውጣ» አልኩ።